የመጀመሪያ ብስክሌቴን ከፊት አይቼ ገዛሁ፤ የተሰበረው ግን ከኋላ ነው

ወደ ሥራ በብስክሌት ለመመላለስ ስወስን መንገዱን በደንብ አውቀው ነበር። መሄጃው 9 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹ አስፋልት ነው፤ ግን የተቦዳደሰ አስፋልት። የቀረው ኮረኮንች ሲሆን መሃል ላይ አንድ ዳገት አለ። መንገዱን እያወቅኩት ብስክሌቱን ስመርጥ ግን መንገዱን ረሳሁት። ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ብስክሌታችሁን ልትገዙ ከሆነ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው።

ያኔ ያየኋቸው ነገሮች ሦስት ነበሩ። ቴላዮው፣ የብስክሌቱ አጽም፣ አሉሚኒየም ነው ወይ? ማርሹ ስንት ነው? ስሙስ የታወቀ ነው? ሻጩም የነገረኝ ስለነዚሁ ነው። ቴላዮው አሉሚኒየም፣ ፊቱ ባለ ሞላ ሹካ፣ ማርሹ 21፣ ቴላዮው ላይ በትልቁ የተጻፈው ስምም የማውቀው ነበር። በአንድ እጄ አነሳሁት። ቀለለኝ። ገዛሁት።

የኋላ ጎማውን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። በአንድ ዓመት ውስጥ የተሰበረው ሁሉ ግን ከኋላ ጎማው አካባቢ ነው።

በሁለተኛው ወር የመጀመሪያው ሽቦ ተበጠሰ። ሽቦ የምለው ቸርኬውን ከመሃሉ ሞዞ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ዘንጎች ነው። ጠዋት እየሄድኩ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጎማው መወላገድ ጀመረ፤ በዞረ ቁጥር ፍሬኑን እየነካ ያልፋል። ሽቦው ተቀየረልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከአጠገቡ ያለው ተበጠሰ። ቀጥሎ ሌላው። ሦስቱም የተበጠሱት በቀኝ በኩል፣ በማርሹ ጎን ነው፤ ሦስቱም ከሞዞው ጋር ሲያያዙ በሚታጠፉበት ቦታ ላይ።

እኔ ጉድጓዱ የሰበራቸው መስሎኝ ነበር። የሚጠግንልኝ ጎልማሳ ሰው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ጉድጓድ ቸርኬ ያጎብጣል እንጂ እዚህ ቦታ ላይ ሽቦ አይበጥስም ልጄ። ይሄ ድካም ነው» አለኝ። ከዚያ ግራና ቀኙን ሽቦ በጣቱ እንደ ክራር እየመታ አሰማኝ። የቀኞቹ ድምፅ ቀጭን ነው። የግራዎቹ ወፍራምና ልል ነው። የቀኞቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ አንዱ ጥብቅ ነው፣ ጎረቤቱ ላላ ያለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማ በዞረ ቁጥር ከታች የሚውለው ሽቦ ለቅጽበት ላላ ይላል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይወጠራል። 9 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ይህ ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሽቦው በደንብ የተወጠረ ከሆነ መላላቱ ትንሽ ስለሆነ ምንም አይሆንም። ከመጀመሪያው ልል ከነበረ ግን ሽቦን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ እንደመስበር ነው፤ መታጠፊያው ላይ ይደክምና ይበጠሳል። ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ጎማው በማሽን በፍጥነት ስለሚገጠም ውጥረቱ ብዙ ጊዜ ያልተስተካከለ ነው። አዲስ ብስክሌት ስትገዙ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ለባለሙያ ሰጥታችሁ ሽቦውን አስወጥሩ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ከሦስቱ ምናልባት አንዱም አይበጠስም ነበር።

«የቀኙ ብቻ ለምን?» ብዬ ጠየቅኩት። መልሱ ማርሽን የማይበትን ዓይን ለወጠው።

ከኋላ ሰባት ጥርሳ ጥርስ ሲደረደር ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን የሚያገኘው የቀኙን የሞዞ ጠርዝ ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። ስለዚህ የቀኝ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የግራዎቹ ደግሞ ዘመም ይላሉ። ቸርኬው መሃል ላይ እንዲቆም ቀኞቹ በጣም መወጠር፣ ግራዎቹ መላላት ግድ ይሆንባቸዋል። የፔዳሉ ኃይልም የሚገባው በዚያው በቀኝ በኩል ነው። ማርሹ በበዛ ቁጥር ጎማው ጎደሎ እየሆነ ይሄዳል ማለት ነው። እኔ «21» የሚለውን ቁጥር ሳይ ጥቅም ብቻ ነበር የታየኝ።

በአምስተኛው ወር ደግሞ የኋላው ዘንግ ጎበጠ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ድምፅ ነው፤ ሞዞው ውስጥ አሸዋ እንደገባበት ይፈጫል። ጎማውን ይዤ ወደ ግራና ቀኝ ስገፋው ይንቀሳቀሳል። ኩሽኔታው ያለቀ መስሎኝ ግራሶ አስገብቼ አጠበቅኩት። በሳምንቱ ተመልሶ ላላ። ጎማው ወልቆ ዘንጉ በጣት ሲዞር ጫፉ ክብ እየሠራ ይሽከረከር ነበር። ቀጥ ያለ ዘንግ ጫፉ አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። ተቀየረ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ አዲሱም ጎበጠ።

ይህንን በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ሲገዛ ማንም አይነግራችሁም። ከኋላ ማርሽ የሚገጠምበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ጥርሳ ጥርሱና ወደ ኋላ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ነገር አንድ ላይ ተጠቅልለው ሞዞው ላይ እንደ ክዳን በጥርስ ይጠበቃሉ። ፍሪዊል ይባላል። በሁለተኛው ወደ ኋላ የሚሽከረከረው ክፍል የራሱ የሞዞው አካል ሆኖ ጥርሳ ጥርሶቹ ብቻ ከላዩ ይደረደራሉ። ይህ ካሴት ይባላል። በፍሪዊል የቀኙ ኩሽኔታ ከጥርሳ ጥርሱ ወደ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ እስከ ቴላዮው ድረስ ያለው የዘንግ ክፍል ምንም የሚደግፈው የለም። ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። የሰውነታችሁ ክብደት፣ የቦርሳችሁ ክብደት፣ የጉድጓዱ ምት ሁሉ ያለ ድጋፍ በወጣው ጫፍ ላይ ያርፋል። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ችግር የለውም። ኮረኮንች ላይ ግን ይጎብጣል። በካሴት ኩሽኔታው ወደ ቴላዮው ጠጋ ስለሚል ዘንጉ እምብዛም አይጎብጥም።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በግማሽ ደቂቃ መለየት ትችላላችሁ። የኋላ ጥርሳ ጥርሱን በእጃችሁ ወደ ኋላ አሽከርክሩ። ከመሃሉ፣ ከዘንጉ ዙሪያ፣ መፍቻ የሚገባበት ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። ቀለበቱ ከጥርሳ ጥርሱ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። ቆሞ ከቀረ ፍሪዊል ነው። እኔ ሦስተኛ ዘንግ ከመቀየሬ በፊት ይህን አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ስለ ስሙ። ቴላዮው ላይ የነበረው ስም እውነትም የታወቀ ነው፤ የፊትና የኋላ ማርሽ መቀየሪያውም ስም ያለው ነበር። ሞዞው ላይ ግን ምንም ስም አልነበረም። ሽቦው ላይም፣ የፔዳሉ መሃል ኩሽኔታ ላይም የለም። በኋላ ብዙ ብስክሌት ሳይ ይህ የተለመደ መሆኑን ተረዳሁ። ገዢ ቀድሞ የሚያየው የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ሻል ያለ ዕቃ ይደረግና ከማይታየው ላይ ይቆጠባል። የቴላዮ ስምም ብዙ አይናገርም። የታይዋኑ ብስክሌት ሠሪ ጃያንት እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመ ጀምሮ ለሌሎች ታዋቂ ስሞችም ሲሠራ ኖሯል። የዋስትና ወረቀቱንም አንብቡት። «ዕድሜ ልክ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ገዢ፣ ለቴላዮው የፋብሪካ ጉድለት ብቻ ነው። እኔ ወረቀቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ዘንግ፣ ሽቦና ኩሽኔታ «በአገልግሎት የሚያልቅ» ተብለው ውጪ ናቸው። ተናድጄ ነበር፤ ግን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ጥንካሬ ሲጠይቁኝ «ሞዞው ላይ ምን ተጽፏል?» ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። የሞዞው ስም ከቴላዮው ስም ይበልጥ የሚነግራችሁ ነገር አለው።

የመጨረሻው ብልሽት የመጣው ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ ነው። ግድግዳ ላይ አስደግፌው ወደቀ፤ በቀኝ ጎኑ። ምንም የተሰበረ አልነበረም። ማርሹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሱ ይዘል ጀመር። እኔ ገመዱን ላላ ጠበቅ እያደረግኩ ለመድኩት። በሳምንቱ ዳገቱን ልወጣ ወደ ትልቁ ጥርስ ስቀይር መቀየሪያው ሽቦዎቹ ውስጥ ገባ። ጎማው ባለበት ቆመ። አራት ሽቦ ተቆረጠ፣ መቀየሪያው ተጠማዘዘ፣ እኔም ወደቅኩ። ዳገት ስለነበር ፍጥነት አልነበረኝም፤ ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆንኩም። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ማሰብም አልፈልግም።

ጎብጦ የነበረው መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ትንሿ የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። ይህችን ቁራጭ ከብስክሌቱ ኋላ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። መቀየሪያው ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ከጎማው ጋር ትይዩ ሆነው ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው። የታችኛው ወደ ሽቦዎቹ ዘንበል ካለ ወደ ትልቁ ጥርስ አትቀይሩ፤ ሳይነዳ ወደ ጠጋኝ ይሂድ።

እዚህ ላይ ነው ቴላዮው ከምን መሠራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተግባር የነካኝ። አሉሚኒየም ጎብጦ ሲቃና በቀላሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ቁራጯ እንድትቀየር ተደርጋ ነው የምትሠራው፣ ይህ በራሱ ጥሩ አሠራር ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ቅርጽ አለው። የእኔን የሚመስል ፈልጌ ላገኝ አልቻልኩም። ጠጋኙ ያለ ፈቃዱ ሊያቃናት ሞከረ። «ልትሰበር ትችላለች» ብሎኝ ነበር፤ ተሰበረች። ብስክሌቱ በአንዲት የአውራ ጣት በምታህል ቁራጭ ምክንያት ቆመ።

ቴላዮው ራሱ ግን ጤነኛ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ እውነት አይሆንም። አንድ ዓመት ኮረኮንች ላይ ተደብድቦ ስንጥቅ አልነበረበትም። አሉሚኒየም መጥፎ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። አይዝግም፣ ቀላል ነው። ልዩነቱ ሲበላሽ ነው የሚታየው። ብረት ከተወሰነ ወሰን በታች ያለ ጫና ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገምበትም አይደክምም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወሰን የለውም፤ ትንሽ በትንሽ ይደክማል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ቧንቧውን ወፍራም በማድረግ ያካክሱታል። ብረት ሲሰነጠቅ ማንኛውም ጎበዝ በያጅ ሊበይደው ይችላል። አሉሚኒየም ሲበየድ ግን በብየዳው ዙሪያ ጥንካሬውን ያጣል። መልሶ ለማግኘት በልዩ ምድጃ መታከም አለበት፣ ያ ደግሞ ጠጋኝ ቤት የሚሠራ ነገር አይደለም።

ምቾትን በተመለከተ ሰዎች «ብረት ይለሰልሳል፣ አሉሚኒየም ያንቀጠቅጣል» ይላሉ። እኔም አምኜ ነበር። ግን በዚያው አሉሚኒየም ብስክሌት ላይ ጎማውን ከ38 ወደ 50 ሚሊ ሜትር ስቀይር የተሰማኝ ልዩነት በቴላዮ ለውጥ ሊመጣ የሚችል አይደለም። ቴላዮ የሚለጠጠው በሚሊ ሜትር ቁራሽ ነው። ሰፊ ጎማ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጥ ይደፈጠጣል። እጃችሁ ከደነዘዘ መጀመሪያ ጎማውን አስፉ። ስትገዙም በጎማውና በሹካው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ወደፊት ማስፋት አትችሉም።

ብስክሌቱ እስኪቆም ድረስ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አድርጌ ነበር። ከዚያ ዘንግ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስንት ማርሽ እንደምጠቀም መዝግቤ ነበር። በየቀኑ ቤት ስገባ የተጠቀምኩትን እጽፋለሁ። ከ21 ማርሽ የተጠቀምኩት አራት ነው። የፊቱን መካከለኛ፣ ባለ 38 ጥርሱን፣ ፈጽሞ አልቀየርኩትም። ከኋላ ዳገት ላይ ባለ 24፣ ስነሳ ባለ 20፣ ሜዳ ላይ ባለ 16፣ ቁልቁለት ላይ አልፎ አልፎ ባለ 14።

ይህን ወደ ሜትር መለወጥ ቀላል ነው፣ እናንተም አድርጉት። የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉ፣ በጎማው ዙሪያ ርዝመት አባዙ። የ26 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ነው። ዳገቱ ላይ 38 ለ24 ሲካፈል በ2 ሲባዛ 3.2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 3.2 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ፈጣኑ፣ 38 ለ14፣ 5.4 ሜትር ነው። ስለዚህ እኔ የሚያስፈልገኝ ከ3.2 እስከ 5.4 ሜትር ያለው ብቻ ነበር። ከዚያ ውጪ ያሉት ማርሾች ጎማዬን ከማዳከም በቀር የሠሩልኝ ነገር የለም።

ሁለተኛውን ብስክሌት የገዛሁት ይህን ቁጥር ይዤ ነው። የመረጥኩት ማርሹ ሞዞው ውስጥ የተደበቀ፣ ባለ ሦስት ማርሽ ነው። ይህ ዓይነት አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ የተጀመረው ስተርሚ አርቸር ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሲሠራው ቆይቷል፤ የጃፓኑ ሺማኖ ነክሰስ የሚለው ሞዞም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ውስጡ በመሃል አንድ ጥርሳ ጥርስ፣ በዙሪያዋ የሚዞሩ ትናንሽ ጥርሳ ጥርሶች አሉ። ሁለተኛው ማርሽ ቀጥታ ነው። አንደኛው በሺማኖው ባለ ሦስት ማርሽ ያንን በ0.73 ያህል ያባዛዋል፣ ሦስተኛው በ1.36 ያህል።

አሁን አስሉት። ፊት 38፣ ኋላ 19 ጥርስ። ሁለተኛው ማርሽ 4 ሜትር ይሰጣል። አንደኛው 2.9፣ ሦስተኛው 5.4 ሜትር። ዳገቴ 3.2 ይፈልግ ነበር፣ ከዚያም የቀለለ አገኘሁ። ቁልቁለቱም ተሸፈነ። ሦስት ማርሽ ከ21 የተጠቀምኩበትን ሁሉ ያዘልኝ።

ከኋላ አንድ ጥርሳ ጥርስ ብቻ ስላለ ደግሞ ሽቦዎቹ በግራም በቀኝም በተመጣጣኝ ሁኔታ ይቆማሉ። ኩሽኔታውም ወደ ቴላዮው የቀረበ ነው። የሚንጠለጠል መቀየሪያ የለም፣ የምትጎብጥ ቁራጭም የለችም። ጎኑ ላይ ቢወድቅ የሚጎዳው ነገር ትንሽ ነው። ማርሽ ስመርጥ የኋላ ጎማ እየመረጥኩ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቴላዮው በዚህኛው ብረት ነው። ብረት ሲባል ግን ሁለት ዓይነት ነው። ተራው ሃይተን የሚባለው ወፍራምና ከባድ ነው። ሁለተኛው ክሮሞሊ ይባላል፤ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት፣ ብዙ ጊዜ 4130 የሚል ቁጥር ያለው። ጠንካራ ስለሆነ ቧንቧው ቀጭን ይሆናል። የተለጠፈውን ወረቀት እስከ መጨረሻ አንብቡት፤ አንዳንዱ «ሦስቱ ዋና ቧንቧዎች» ይላል፣ የኋላው ክፍል ተራ ብረት ነው ማለት ነው። ጠጋኙ አንድ ዘዴ አሳየኝ። የኮርቻውን ዘንግ አውጡና የተቀረጸበትን ቁጥር እዩ። የተለመደው ቀጭን የብረት ቧንቧ ከውጭ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። የኮርቻው ዘንግ 27.2 ከሆነ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ደህና ብረት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። 25 አካባቢ ከሆነ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ተራ ብረትም ቢሆን ጠንካራ ነው፤ ዳገት ከሌለባችሁ ክብደቱ አይጎዳችሁም። እኔ ዳገት ስላለብኝ ክሮሞሊውን ፈለግኩ።

ብረት የሚዝገው ከውስጥ ነው። ዝናብ በኮርቻው ዘንግ በኩል ይገባና ታች ፔዳሉ መሃል ጋ ይጠራቀማል። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ከፔዳሉ መሃል ሥር የውኃ መውጫ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። በዓመት አንዴ የኮርቻውን ዘንግ አውጥታችሁ ዘይት ወደ ውስጥ አፍስሱ፤ ዘንጉንም ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ከመሪው ሥር ቧንቧዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ በጨርቅ ጠርጋችሁ እዩ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ፣ በተለይም ዝገት የተከተለው ከሆነ፣ ተዉት።

የፊት ሹካውም ሞላ የለውም። ርካሽ ሞላ ከባድ ነው፣ ከወራት በኋላም ይንቀጫቀጫል። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ብትወዘውዙት የሚንኳኳ ነገር ይሰማችኋል። የእኔ የመጀመሪያው በስምንተኛው ወር እንዲህ ሆኗል። በ50 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ በ40 ፒኤስአይ አካባቢ ንፋስ፣ ሞላው አልናፈቀኝም። ክብደቴ 70 ኪሎ ገደማ ነው። እናንተ ከከበዳችሁ ጨምሩ፤ ከጎማው ጎን ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ግን አትውረዱ። በጣም ካነሰ ጉድጓድ ሲመታችሁ ቸርኬው የውስጡን ጎማ ቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል።

ከመክፈሌ በፊት በዚህኛው ላይ ያየሁት ከኋላ ጀምሬ ነው። ሽቦውን ቆጠርኩ፤ 36 ነው። ሁለት ሁለቱን እየያዝኩ ጨመቅኩ፣ በጣቴም እየመታሁ ሰማሁ። ቸርኬው ባለ ሁለት ግድግዳ መሆኑን በንፋስ መሙያው ቀዳዳ በኩል ጠየቅኩና አየሁ። ጎማውን አንጠልጥዬ አዞርኩት፣ ወደ ጎንም ገፋሁት። ሞዞው ላይ ስም አለው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቴላዮው የሄድኩት።

ለሁሉም ሰው ይህ ማርሽ ይሆናል ማለቴ ግን አይደለም። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ከ2.9 ሜትር በታች የሚፈልግ ዳገት ካለባችሁ ባለ ሦስቱ አይበቃችሁም። የኋላውን ጥርስ በማብዛት ላቅልለው ብትሉም ወሰን አለው። ሞዞው ውስጥ የሚገባው ጉልበት ይበዛና ትናንሾቹ ጥርሶች ይጎዳሉ፤ አምራቹ የሚፈቅደውን ትንሹን ልክ ጠይቁ፣ ሁለት ለአንድ ገደማ ነው። እንዲህ ላለ ዳገት ባለ ስምንት ካሴት፣ ፊቱ አንድ ጥርሳ ጥርስ ብቻ የሆነ፣ የተሻለ ነው። ያን ከወሰዳችሁ የምትንጠለጠለውን ቁራጭ መለዋወጫ በዚያው ቀን አብራችሁ ግዙ።

የሞዞ ማርሽ የራሱ ጣጣ አለው። ማርሽ ስትቀይሩ ፔዳሉን መርገጥ ለቅጽበት ማቆም አለባችሁ። እየረገጡ መቀየር ውስጡን ይበላዋል። ገመዱ ከላላ ወይም ከተሳበ በሁለት ማርሽ መካከል ይቀርና ፔዳሉ ባዶውን ያመልጣል። ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ ይህ ቢሆን ትወድቃላችሁ። በእኔው ባለ ሦስት ማርሽ ሁለተኛው ላይ አድርጌ ሞዞው አጠገብ ባለችው ትንሽ መስኮት ያለውን ምልክት ከመስመሮቹ መሃል አስገባዋለሁ። በወር አንዴ አየዋለሁ። እስካሁን ሁለቴ ብቻ ነው ያስተካከልኩት።

ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያው ቀን አርባ ደቂቃ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ፤ ባለ 15 ቺያቬ አልያዝኩም ነበርና ከሚያልፍ ሰው ለመንኩ። ገመዱ ይፈታል፣ ሁለቱ ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ከሥራቸው ያሉት ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዙ ቀለበቶች ይወጣሉ። የቀኙና የግራው ቀለበት አንድ አይደሉም፤ ቀለማቸውና ጥርሳቸው ይለያል። አቀያይራችሁ ከመለሳችኋቸው ማርሹ አይስተካከልም። እኔ ስፈታ ወዲያው በስልኬ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ስመልስ ካቴናውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ መሃሉ ላይ በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ እንዲል አደርጋለሁ። በጣም ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ከላላ ይወልቃል። አሁን ቺያቬው፣ ጎማ ማውለቂያው፣ የውስጥ ጎማና ትንሿ ፓምፕ ከኮርቻው ሥር በከረጢት ናቸው። ሥራው ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ወርዷል።

ካቴናውን በማስመሪያ እለካዋለሁ። አዲስ ካቴና ላይ ከመጀመሪያው ፒን እስከ 25ኛው ድረስ ያለው ርዝመት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲደርስ እቀይረዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ የኋላውን ጥርስ ይዞ ያልቃል። በዚህኛው ብስክሌት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ካቴና አንዴ፣ የፍሬን ጎማ ሁለቴ፣ የኋላውን ጎማ አንዴ ቀይሬያለሁ። የኋላው ዘንግ ያው የመጣበት ነው። ሽቦም አልተበጠሰም። ባለፈው ወር ጠጋኙ ጋ ወስጄው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መታቸው፤ ሁለቱን ሩብ ዙር ያህል አጠበቀና መለሰልኝ።